ፋይሉን ከማንም ውሰድ፣ ቁጥሩን ግን ከባለቤቱ

«ኡቡንቱን ከጓደኛዬ በፍላሽ ገለበጥኩት። ሳይዙ ከእሱ ጋር እኩል ነው። ሲጫን ግን መሀል ላይ ኤረር እያለ ይቆማል። ላፕቶፔ ነው የተበላሸው?»

ላፕቶፑን ለጊዜው ተወው፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፋይሉ ነው። ሳይዝ ስንት ባይት እንደተመዘገበ እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ አይነግርህም።

እዚህ ሰሜን ሸዋ ፋይል እንዴት እንደሚዞር እናውቃለን። አንዱ ደብረ ብርሃን ላይ ዋይፋይ ያለበት ቁጭ ብሎ ስድስት ጊጋ ገደማ ያወርዳል፣ ከእሱ ጠባሴ ያለው ጓደኛው ይወስዳል፣ ከዚያ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት፣ ፍላሽ በፍላሽ እየተገለበጠ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ቅር አይለኝም። ሁሉም ለየራሱ ያውርድ ማለት በዳታ ዋጋ መቀለድ ነው።

ችግሩ ፍላሾቹ ናቸው። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተጽፎበት ውስጡ 8 ጊጋ ብቻ የሆነ ፍላሽ ገበያው ላይ ሞልቷል። እንዲህ ያለው ፍላሽ ለኮምፒውተሩ ይዋሻል፤ የማይችለውንም ሁሉ «ተቀብያለሁ» ይላል። ፊልም ምናምን ካለበት ላይ ኡቡንቱን ስትጨምርበት ስሙም ሳይዙም ልክ ሆኖ ይታይሃል፣ ከእውነተኛው አቅም ያለፈውን ግን ውሃ በልቶታል። ኮፒው አልቋል ብሎ ፍላሹን ኢጀክት ሳያደርጉ መንቀልም ተመሳሳይ ጣጣ ያመጣል።

ይህን የሚያጋልጠው ቼክሰም ነው፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ ቁጥር። ኡቡንቱ releases.ubuntu.com ላይ ከየቨርዥኑ ጎን SHA256SUMS የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። በስልክህ ክፈተው፣ ዳታ አይበላም። ከፋይልህ ስም ፊት ለፊት 64 ፊደልና ቁጥር ታገኛለህ። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትቀየር ይህ ቁጥር ጭራሽ ሌላ ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ ፋይሉ ያለበት ፎልደር ውስጥ ፓወርሼል ክፈትና ይህን ጻፍ፦

```
(Get-FileHash .\ubuntu-24.04.3-desktop-amd64.iso).Hash -eq "ቁጥሩን እዚህ"
```

የፋይሉን ስም እንዳንተው ቀይረው። True ካለህ ልክ ነው፣ False ካለህ አትጫነው። በዓይን አታወዳድር፤ ሰው የመጀመሪያዎቹን አራትና የመጨረሻዎቹን አራት አይቶ «አንድ ነው» ይላል። ፋይሉ በአጋጣሚ ተበላሽቶ ከሆነ ያ ይበቃል፣ ሰው ሆን ብሎ ነካክቶት ከሆነ ግን አይበቃም። ደግሞ ፋይሉን ገልብጠህ እንደጨረስክ ወዲያው አትፈትሽ፦ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ሳይሆን ገና ሜሞሪው ላይ ካለው ሊያነብና ልክ ነው ሊልህ ይችላል። ኢጀክት አድርግ፣ ንቀል፣ መልሰህ ሰካና ያኔ ፈትሽ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። አንዳንዱ ለጓደኛው ሲያስብ ቁጥሩንም በኖትፓድ ጽፎ እዚያው ፍላሽ ላይ ይጨምርለታል። ተከሳሽም እሱ፣ ምስክርም እሱ! ፋይሉን የነካካ ሰው ቁጥሩን መቀየር ምን ያቅተዋል? ፍላሽ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 የሊኑክስ ሚንት ዌብሳይት ተጠልፎ የ17.3 ሲናሞን ማውረጃ ሊንክ የጓሮ በር ወደተከፈተበት ፋይል ተቀይሮ ነበር። ጠላፊው ለጋዜጠኛ እንደተናገረው ገጹ ላይ ያለውን ቼክሰምም ከራሱ ፋይል ጋር እንዲገጥም አድርጎ ቀይሮታል። ለዚህ ነው SHA256SUMS ጎን SHA256SUMS.gpg የሚባል ፊርማ ያለው፣ እሱን በ gpg ማረጋገጥ ይቻላል። ለሁላችንም ግን ቢያንስ ቁጥሩ ከባለቤቱ ገጽ፣ በሌላ መስመር ይምጣ። ፋይሉ በፍላሽ፣ ቁጥሩ በስልክ።

«አክቲቬተር ያለበት» እየተባለ ስለሚዞረው ዊንዶውስ አትጠይቁኝ። የተነካካ ፋይል ስለሆነ ከኦሪጅናሉ ቁጥር ጋር መቼም አይገጥምም፣ ስለዚህ ማን ምን እንደጨመረበት በቼክሰም ማወቅ አይቻልም።

False ቢልህስ? ስድስት ጊጋውን እንደገና አታውርድ። ኡቡንቱ የራሱ ቶረንት አለው። የቶረንቷን ትንሽ ፋይል ከገጹ አውርድ፣ የተበላሸውን ፋይል ስሙን ሳትቀይር ቶረንቱ በሚያወርድበት ፎልደር አስቀምጥ፣ ቶረንቷን qBittorrent በሚባለው ፕሮግራም ክፈትና Force recheck በል። ቶረንት ፋይሉን ቆራርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ስለሚፈትሽ የተበላሸውን ብቻ መልሶ ያወርዳል። 98 ፐርሰንት ካለህ የምትከፍለው ለሁለቱ ፐርሰንት ነው። ዜሮ ወይም ዜሮ አካባቢ ካሳየህ ግን ፋይሉ ብልሹ ሳይሆን ሌላ ቨርዥን ሊሆን ይችላልና ስሙን ደግመህ እየው።