35 ፐርሰንቱ የሚነካው ከ14 ሺ በላይ ያለችውን ብቻ ነው

«ደሞዜ 14 ሺ ነው፣ አሁን 500 ብር ሊጨምሩልኝ ነው፣ ግን 35 ፐርሰንት ውስጥ ስለሚያስገባኝ እጄ የሚገባው ሊቀንስ ነው፣ ይቅርብኝ ብላቸው አይሻልም?»

አይሻልም፣ ተቀበላቸው። ከ500ው 325 ብር ላንተ ይቀራል፣ ጡረታው ሲወጣ ደግሞ 290 ብር በየወሩ እጅህ ይገባል፣ ከድሮው ደሞዝህ ላይ ደግሞ አንድ ሳንቲም አይነካም። ይሄ ጥያቄ በየመስሪያ ቤቱ የሚነሳ ስለሆነ፣ በዚሁ ፍራቻ ኦቨርታይም አልሰራም የሚሉ ሰዎችም ስላሉ፣ ነገሩን ቁጥሩ ላይ ቁጭ ብለን እንየው።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ እየተሰራበት ያለው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 የወር ደሞዝን ቆራርጦ ነው ግብር የሚጥለው። የመጀመሪያዋ 2,000 ብር ምንም አትቆረጥባትም። ከሷ በላይ እስከ 4,000 ያለው ላይ 15 ፐርሰንት፣ ከዛ እስከ 7,000 ያለው ላይ 20፣ እስከ 10,000 ያለው ላይ 25፣ እስከ 14,000 ያለው ላይ 30፣ ከ14,000 ያለፈው ላይ ደግሞ 35 ፐርሰንት ነው። ዋናው ነገር «ያለው ላይ» የምትለዋ ናት። 35 የሚባለው ከ14,000 በኋላ የመጣውን ብር ብቻ ነው የሚያገኘው፣ ከታች ያለው ብር በራሱ መጣኔ እንደተቆረጠ እዛው ይቀራል።

ስለዚህ 14,000 ብር ላይ ያለውን እንቁጠር። ከመጀመሪያው 2,000 ምንም፣ ከቀጣዩ 2,000 ላይ 300 ብር፣ ከሚከተለው 3,000 ላይ 600፣ ከሌላው 3,000 ላይ 750፣ ከመጨረሻው 4,000 ላይ 1,200። ሲደመር 2,850 ብር ነው። ደሞዙ 14,500 ሲሆን አዲስ የመጣው 500 ብር ብቻ ነው፣ የሱ 35 ፐርሰንት 175 ብር ነው፣ አጠቃላይ ግብሩ 3,025 ይሆናል። ከሙሉው ደሞዝ ጋር ስታስተያየው 21 ፐርሰንት እንኳን አይሞላም፣ 35 ፐርሰንት ከፋይ የሚባለው ሰውዬ ማለት ይሄ ነው።

ፍራቻው የሚመጣው እንዲህ ተብሎ ሲታሰብ ነው፦ 14,000 በ30 ፐርሰንት 4,200፣ የሚቀረው 9,800፣ 14,500 በ35 ፐርሰንት ደግሞ 5,075፣ የሚቀረው 9,425፣ እንግዲህ 375 ብር ከሰርኩ። ግን እኮ ይሄ ሂሳብ ለአሁኑ ደሞዝም አይሰራም። በዚህ ስሌት ከሄድን 7 ፐርሰንት ጡረታው 980 ብር ሲወጣ የ14 ሺ ደሞዝተኛ እጁ የሚገባው 8,820 ይሆን ነበር። ፔይስሊፕህን አውጣና እየው፣ ሌላ የብድር ወይ የቁጠባ ተቀናሽ ከሌለብህ 10,170 ነው የሚለው። ማስረጃው ሁሌም ኪስህ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

እኔ ግን ሰዉን አልወቅስም፣ ጥፋቱ ያለው የፋይናንስ ክፍሎች የሚጠቀሙበት አቋራጭ ሰንጠረዥ ላይ እና ምንም የማያብራራው ፔይስሊፕ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሰንጠረዡ ደሞዙን በሙሉ በ35 ፐርሰንት ያባዛና 2,050 ብር ይቀንሳል፣ የ30 ረድፍ ላይ ደግሞ የሚቀነሰው 1,350 ነው። ሰራተኛው 35 የምትለዋን ያያታል፣ ጎኗ ያለችውን 2,050 ማንም አያስረዳውም። 2,050 ማለት እኮ የታችኞቹ ብሮች በ35 መቆረጥ ስላልነበረባቸው ተመላሽ የምትደረግ ሂሳብ ናት፣ ህጉ ደሞዝን እየቆራረጠ እንደሚቆጥር የሚያሳየው እሷው ናት። 14,500 በ35 ፐርሰንት 5,075፣ ሲቀነስ 2,050፣ ያው 3,025፣ ከላይ አንድ በአንድ የቆጠርነው ጋር እኩል ነው።

አደጋው ግን እዚችው ሰንጠረዥ ላይ ነው፣ አንዳንዴ ጭማሪ አግኝቶ እውነትም ኔቱ የወረደበት ሰው ሊኖር ይችላል። ፔሮል የሚሰራው ሰው ፐርሰንቱን ወደ 35 ቀይሮ ተቀናሹን 1,350 ላይ ከተወው ግብሩ 3,725 ይሆናል፣ ማለትም 700 ብር ያላግባብ ተቆረጠ፣ ከግብር በኋላ የሚቀረውም ከድሮው 11,150 ወደ 10,775 ይወርዳል። በድሮው አዋጅ 979/2008 ጊዜ የ35 ረድፍ ተቀናሽ የነበረችው 1,500 ሳትቀየር ከቀረች ደግሞ ግብሩ 3,575 ይመጣል፣ 550 ብር ትርፍ ማለት ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፣ ድንበሩ ላይ ያለውን ደሞዝ በሁለቱም ረድፍ አስላው፦ 14,000 በ30 ሲቀነስ 1,350፣ 14,000 በ35 ሲቀነስ 2,050፣ ሁለቱም 2,850 መምጣት አለባቸው። ካልገጠሙ ሰንጠረዡ ስህተት ነው፣ ምንም ክርክር የለውም።

ኤክሴል ላይ የምትሰሩ ሰዎች ደግሞ ረድፍ መምረጡን ጭራሽ ተዉት። ሁሉንም አስልቶ ትልቁን ይውሰድ፣ መጣኔው ወደ ላይ እየጨመረ ስለሚሄድ ትክክለኛው ሁሌም ትልቁ ነው፦

```
=MAX(0, A2*15%-300, A2*20%-500, A2*25%-850, A2*30%-1350, A2*35%-2050)
```

ሌላም ልብ ያልተባለ ነገር አለ። ህጉ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነችው ብር ከ600 ወደ 2,000 ከፍ ስትል ብዙ ሰው «ይሄ ለዝቅተኛ ደሞዝተኛ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ አለፈው። ግን የታችኛዋ ብር የሁሉም ሰው ደሞዝ ውስጥ አለች። 30,000 የሚያገኝ ሰው በድሮው 9,000 ብር ይከፍል ነበር፣ አሁን 8,450 ነው። 550 ብር ቀነሰለት፣ 14,000 የሚያገኘውም በትክክል ያንኑ 550 ነው የቀነሰለት፣ 100,000 የሚያገኘውም እንዲሁ። የተቀየረው ከ14,000 በታች ያለው አቆራረጥ ስለሆነ ከዛ በላይ ላሉት ሁሉ እኩል ነው የደረሳቸው።

14,000 ብር በዛሬ ኑሮ የላይኛው ጣሪያ መሆን የለበትም የሚል ሰው ካለ እኔም ከሱ ጋር ነኝ፣ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ እያየን ይሄን ብር እንደ ትልቅ ገቢ መቁጠር ያናድዳል። ግን ያ ክርክር ሌላ ነው፣ ድንበሩ የት ይሁን የሚል ነው፣ ድንበሩን በማለፍ ብቻ ግን ደሞዙ የሚወርድበት ሰው የለም።

ጭማሪ ሲሰጥህ መፈራት ያለበት ነገር ካለ ደብዳቤው ውስጥ ያለው ሌላ መስመር ነው። የትራንስፖርት አበል ህጉ በፈቀደው ልክ ከግብር ነፃ ነው፣ ስለዚህ 600 ብር አበል የነበረው ሰው 600ውን እንዳለ ነበር የሚወስደው። አሰሪው «ደሞዝህ 500 ጨምሯል፣ አበሉ ግን ተጠቃሏል» ካለ 290 ገብቶ 600 ወጣ፣ በወር 310 ብር ጎደለ ማለት ነው፣ ከዛ ሰዉ «35 ፐርሰንት በላኝ» ይላል። ስለዚህ ኤችአር ጋ ሄደህ መጠየቅ ያለብህ የቱ ፐርሰንት ውስጥ እንደምትገባ ሳይሆን አበሉ እንዳለ መቀጠሉን ነው፣ መልሱንም በጽሁፍ ይስጡህ፣ ከዛ ፈርም።