መቼ እንደተወለድሽ ላልተስማማንብሽ ልጄ

ልጄ ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው። ስለ መጣሽበት ዓለም ረጋ ብዬ አንድ ደህና ነገር ልጽፍልሽ አስቤ ነበር። ግን ዛሬ ጠዋት አንዲት የሰፈራችን እትዬ አራስ ሊጠይቁ መጡ። ገንፎአቸውን ጨርሰው፣ የመጨረሻዋን ከቅቤው እያጠቀሱ፣ "ለመሆኑ በስንት ሰዓት ተወለደች?" አሉ።

እናትሽ "ሌሊት 7 ሰዓት" አለች። ነገሩ እዚያ ማለቅ ነበረበት።

"የሰኞ ሌሊት ነው የማክሰኞ?"

ይኸው እስካሁን አላለቀም። ከተወለድሽ ጀምሮ ይህን የጠየቁን አሥረኛዋ ሰው ናቸው። ክብደትሽን የጠየቀ የለም። እናትሽ እንቅልፍ አግኝታ እንደሆነም የጠየቀ የለም።

ነገሩን ላስረዳሽ። እናትሽን ምጥ የያዛት ሰኞ፣ ጳጉሜ 3 ቀን 2017 ነው። አንቺ ግን ሳትቸኩይ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መጣሽ። እኛ አገር ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ 1 ሰዓት እንላለን፤ ሲመሽ እንደገና ከአንድ እንጀምራለን። ሌሊቱን የቀኑ ጭራ አድርጎ የሚቆጥር ብዙ ነው። ለአያትሽ ዶሮ እስኪጮህ ድረስ ሰኞ ሰኞ ነው። ሐኪም ቤቱ ደግሞ የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው። በዚያ ቀኑ የሚቀየረው በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ አንቺ ማክሰኞን አንድ ሰዓት አሳልፈሻል። ወረቀትሽ ላይ "09/09/2025፣ 1:00" ተብሎ ተጽፏል። ይህን ያየው አጎትሽ ለዘመድ ሁሉ "ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ተገላገለች" ብሎ መልእክት በተነ። ስለዚህ ቢሾፍቱ ያሉት ዘመዶቻችን ዘንድ ስድስት ሰዓት ዘግይተሽ ነው የተወለድሽው።

ደግነቱ ለዚህ ችግር ቃል አለን። "ለማክሰኞ አጥቢያ" ይባላል። የሰኞ ሌሊት ሆኖ ወደ ማክሰኞ የሚነጋው ማለት ነው። እንዴት ያለ ቆንጆ ቃል ነው! ማንንም አያጣላም። ችግሩ ቅጽ ላይ አይሞላም። ቅጽ የሚፈልገው ቁጥር ነው።

አያትሽ ግን አጥቢያ ማጥቢያ አይገባትም። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። "ፈታሔ ማኅፀን" ይሉታል፤ ምጥ የያዛት ሁሉ የምትጠራው እሱን ነው። አያትሽ ቀኑን ሙሉ ዝናብ እየወረደባት ስትለምነው ውላለች። ታዲያ ውለታውን ለጳጉሜ 4 አሳልፋ ትስጥ? የንስሐ አባታችን መጥተው፣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰኞ ከመሸ በኋላ የማክሰኞ እንደሚባል ነገሯት። ራሷን ነቀነቀች። ከሄዱ በኋላ "እሳቸው ምጥ ያውቃሉ?" አለች።

ከዚያ ደግሞ ዋሽንግተን ያለው ታላቅ ወንድሜ ደወለ። አንቺ ስትወለጂ እዚያ ገና ሰኞ፣ ከቀኑ 12 ሰዓት ነበር። አያትሽ ስልኩን ነጥቃ ስፒከሩን ከፈተች። "ሰማችሁ? አሜሪካም ሰኞ ነው ብሏል!"

ወንድሜን ካነሳሁ አይቀር አንድ የቆየ ቂም ልንገርሽ። እኔ የተወለድኩት ጥር 1982 ነው። በኛ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲያስገቡ የልደት ወረቀት የሚጠይቅ አልነበረም። ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አዙረህ ግራ ጆሮህን ንካ ይሉሃል። ከነካህ ደርሰሃል። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ግን እጄ አጭር ነው። ጆሮዬን ለሁለት ጣት ያህል ስቼ አንድ ዓመት ቤት ዋልኩ። ከእኔ የሚያንሰው የጎረቤት ልጅ ግን፣ ክንዱ የዝንጀሮ ስለነበር፣ ገባ። ዛሬም ሳየው ክንዱን ነው የማየው።

ካደግሁ በኋላ ደግሞ ፓስፖርት አወጣሁ። ቅጹን ያስገባው የአንድ ቢሮ ሠራተኛ "1982" የሚለውን እንዳለ፣ ሳይቀይር በፈረንጅ አቆጣጠር አሰፈረው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ የፈረንጆቹ ዘመን ከተለወጠ በኋላ 8 ይሆናል። የኔ ጥር ነው። 1990 መሆን ነበረበት። በአንድ ብዕር 8 ዓመት አረጀሁ! የታላቅ ወንድሜ ወረቀት በትክክል 1985 ስለሚል፣ በሰነድ ታላቁ እኔ ነኝ። ላስተካክል ስሄድ "ሲጻፍ የት ነበርክ?" አሉኝ። ፊት ለፊታቸው ነበርኩ። ገና ያልደረሰብኝን እርጅና እየፈረምኩ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ይህን ተረት በጣም እወደዋለሁ፤ እናትሽ በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳልናገረው ከልክላኛለች። የምወደው ውሻው ማን እንደሆነ ሁልጊዜ ስለማውቅ ነው።

ለዚህ ነው ያንቺን ቀን ዝም ብዬ የማላልፈው። በሕጉ ልደትሽን በ90 ቀን ውስጥ ወሳኝ ኩነት ሄጄ ማስመዝገብ አለብኝ። የጳጉሜ ልጅ ደግሞ ለስህተት ትመቻለች። ሳምንት ሳይሞላሽ ዓመቱ ተቀይሮ 2018 ሆነ። ወረቀትሽን በመስከረም የሚሞላ ሰው "2017" ብሎ ከጻፈ በኋላ 7 ይደምራል። 2024 ይወጣል። አንቺ ደግሞ የ2025 ነሽ። እንግዲህ ሳታጠፊ አንድ ዓመት አረጀሽ። ሲደምሩ ቆሜ ነው የማየው። ጳጉሜ ወር አይደለችም የሚልሽ ካለም አትመኚው። የደሞዝ ጊዜ ሲሆን ብቻ ነው ወር የማትሆነው። አምስቱን ቀን ሙሉ ሠርቻለሁ፣ የከፈለኝ የለም!

አሁን ደግሞ ጠቡ ወደ ክርስትናሽ ዞሯል። ሴት ስለሆንሽ በ80 ቀንሽ ነው፤ ወንድ ቢሆን በ40 ነበር። ሔዋን ገነት የገባችው በ80 ቀኗ ነው ይላሉ፤ እሺ። እልልታው ግን ያናድደኛል። ለወንድ ሰባት፣ ላንቺ ሦስት። እናትሽ ያማጠችው በግማሽ ዋጋ አልነበረም። አራተኛውን እኔ ራሴ ልል ሞክሬ ነበር፤ ነርሷ ዶሮ የገባ መስሏት ወጣች።

ለማንኛውም ከጳጉሜ 3 ከተቆጠረ 80 ቀንሽ ኅዳር 17 ነው። ከ4 ከተቆጠረ ኅዳር 18። አያትሽና አክስትሽ በዚህ ሁለት ቀን አልተነጋገሩም። እኔ ካላንደሩን ከፈትኩት። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። በየትኛውም ቀን ቢሆን ዶሮ የለም፤ ድግሱ ሽሮና አልጫ ነው። ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ አክስትሽ "ታዲያ ለምን በነሐሴ አልወለደችም?" አለች። እናትሽ እዚያው ተኝታለች እኮ!

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ ስለ ዓለም። ዓለም ማለት... በር ተንኳኳ። የእትዬ እህት ናቸው መሰለኝ፤ ድምፃቸው ተመሳሳይ ነው። "እንኳን ማርያም ማረቻችሁ!" እያሉ እየገቡ ነው። ጫማቸውን እያወለቁ ነው። አሁን ይጠይቃሉ።

ዓይንሽን ጨፍኚ። እኔም ተኝቻለሁ።

አባትሽ