ማስታወቂያውን አያሳጥሩት፣ ይሰባብሩት

«የምሸጠውን ቤት ዝርዝር አንድም ሳላስቀር ጽፌ ቴሌግራም ላይ ለጥፌዋለሁ። የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ግን እዚያው የተጻፈውን ነው የሚጠይቀኝ። ባሳጥረው ይሻላል?»
ከአባይ ማዶ፣ ባሕር ዳር

አያሳጥሩት። ደላሎች «ሦስት መስመር ጽፈህ ለበለጠ መረጃ ይደውሉ በል» ይላሉ። ለእነሱ ጥሪው ራሱ ሥራ ነው። ለእርስዎ ግን ካርታ አለው ወይ ብሎ ጠይቆ ስልኩን የሚዘጋ ሰው ቀንዎን ከመብላት በቀር ምንም አይጠቅምዎትም። ቤት የሚገዛ ሰው ብዙ ማወቅ ይፈልጋል፤ ረጅም መጻፍዎ ጥሩ ነው። ችግሩ ጽሑፉ የተቀመጠበት መንገድ ነው።

የላኩልኝን እንዳለ ላስቀምጠው፦

«በውቧ ባሕር ዳር ከተማ አባይ ማዶ ከአዲሱ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ ጸጥታ በሰፈነበትና ለኑሮ ምቹ በሆነ ሰፈር 250 ካሬ ላይ ያረፈ በብሎኬት የተሠራ 3 መኝታ ሳሎን ኩሽና ሻወር ያለው ሰርቪስ 2 ክፍል ግቢው መኪና የሚያስገባ የራሱ መብራትና ውሃ ቆጣሪ ያለው ካርታ ያለው ከዕዳ ነጻ የሆነ ታንከር ማንጎና ዘይቱን ያለበት ቤት በባለቤቱ በኩል በ9 ሚሊዮን ብር ለሽያጭ ቀርቧል።»

ኮምፒውተር ላይ ይህ አራት መስመር ቢሆን ነው። ስልክ ላይ ሌላ ነገር ነው። የእኛ ፊደል ሰፊ ስለሆነ በተለመደው የፊደል መጠን አንድ መስመር ላይ የሚገባው 5 ወይም 6 ቃል ነው። ፊደሉን አጉልቶ የሚያነብ ሰው ጋ ደግሞ 4 ብቻ ይገባል። ቤት ገዢው ብዙ ጊዜ ጎልማሳ ነው፣ አጉልቶ የሚያነብ። ስለዚህ እሱ የሚያየው ነጠላ ሰረዝ እንኳ የሌለበት ከአሥር መስመር በላይ ግድግዳ ነው። ዋጋው ከግድግዳው ግርጌ ተቀምጧል።

አማርኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። «ያረፈ፣ የተሠራ፣ ያለው፣ የሚያስገባ» እያልን ስንደረድር አንባቢው ሁሉንም ተሸክሞ «ቤት» እስኪመጣ ይጠብቃል። ሰፊ ገጽ ላይ ዓይን ወደኋላ ተመልሶ ያያል። ጠባብ ስክሪን ላይ ግን መጀመሪያው ወደ ላይ ሸሽቷል። ሰውዬው አንብቦ ያልገባው እንዳይመስልዎት። ሦስተኛው መስመር ላይ ተስፋ ቆርጦ ነው የደወለው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር፦

ቤት ሽያጭ፣ አባይ ማዶ፣ 9 ሚሊዮን ብር
250 ካሬ፣ ካርታ ያለው፣ ከባለቤቱ

ከአዲሱ ድልድይ በባጃጅ 5 ደቂቃ። መንገዱ እስከ በሩ ኮብልስቶን ነው።

ቤቱ
• 3 መኝታ፣ ሳሎን፣ ኩሽና
• ሻወር ቤት ውስጥ
• ሰርቪስ 2 ክፍል
• በብሎኬት የተሠራ

ግቢው
• መኪና ያስገባል
• የግል መብራት ቆጣሪ
• የግል ውሃ ቆጣሪ
• ታንከር 2,000 ሊትር
• ማንጎና ዘይቱን

ውሃ በየቀኑ አይመጣም። ታንከሩ የተተከለው ለዚያ ነው። የሰርቪሱ ጣሪያ በክረምት አንድ ጥግ ላይ ያፈሳል፤ ዋጋው ይህን አስቦ የወጣ ነው።

ከዕዳና ከእገዳ ነጻ ነው። ካርታውን ቤቱን ሊያዩ ሲመጡ አሳያለሁ።

(የባጃጁን ደቂቃ፣ ኮብልስቶኑን፣ የታንከሩን ሊትር፣ የውሃውን፣ የእገዳውንና የጣሪያውን ነገር ምሳሌ እንዲሆን እኔ ነኝ የጨመርኩት። በእርስዎ እውነት ይተኩት።)

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ገዢውን የሚያስቀሩ ወይም የሚያሰናብቱ ነገሮች ናቸው፦ ቦታ፣ ዋጋ፣ ስፋት፣ ካርታ። በጀቱ 5 ሚሊዮን የሆነ ሰው እዚያው ይመለሳል። እሰየው፣ አንድ ጥሪ ቀነሰልዎት። ስልክ ላይ ብልጭ የሚለው ማሳወቂያም የሚያሳየው የጽሑፉን መጀመሪያ ብቻ ነው። ፌስቡክ ላይ ከለጠፉት ደግሞ ከጥቂት መስመር በኋላ ይቆረጥና `See more` ይላል። «በውቧ ባሕር ዳር» ብሎ የጀመረ ሰው ያችን ቦታ ለውበት አስረክቧታል። የባሕር ዳርን ውበት ገዢው ያውቀዋል።

ነጥቦቹ አጭር የሆኑት ለቁመና አይደለም። ቴሌግራም ላይ «•» ተራ ምልክት ነው። ወርድ ላይ የጻፍነው ዝርዝር ሁለተኛው መስመር ገባ ብሎ ይጀምራል፤ እዚህ ግን ተርፎ የወረደው ቃል ነጥቡ ሥር ድረስ ሄዶ ይለጠፋል። እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት መስመር ከሆነ ነጥቦቹ ይዋጡና ያው ግድግዳ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ነጥብ፣ አንድ መስመር። በስፔስ ገፍቼ አስተካክላለሁ ማለትም አይሠራም፤ በእርስዎ ስልክ የተስተካከለው በሌላው ስልክ ይዛነፋል።

አረንጓዴ ራይት በየመስመሩ መደርደርም ፋሽን ሆኗል። እኔ አልወደውም። ሃያ መስመር ሁሉ ራይት ካለበት ካርታውና የማንጎ ዛፉ እኩል ሆኑ ማለት ነው። ከዚያ ይልቅ «ቤቱ» እና «ግቢው» የሚሉት ሁለት ቃላት ብዙ ይሠራሉ፤ ገዢው ቆጣሪ ሲፈልግ የት እንደሚሄድ ያውቃል።

ሁሉንም ነገር ግን ነጥብ አያድርጉት። የሚያፈሰውን ጣሪያ «• ጣሪያ ያፈሳል» ብለው ቢጽፉት ገዢው ቤቱ በሙሉ የሚያፈስ ይመስለዋል። የት፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚባል ነገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። ዕዳም፣ የወራሾች ጉዳይም፣ የሚሸጥበት ምክንያትም እንደዚያው ነው። የሚቆጠረው በነጥብ፣ የሚብራራው በአንቀጽ ይቀመጥ። አንቀጹም ስልክ ላይ አምስት መስመር ካለፈ ለሁለት ይክፈሉት፤ በመሐል አንድ ባዶ መስመር ይተዉ።

አንድ ገደብ ደግሞ አለ። ቴሌግራም በተራ አካውንት ፎቶ ሥር የሚገባው ጽሑፍ ከ1024 ምልክት እንዲበልጥ አይፈቅድም፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ሲበዛባቸው ብዙዎች ፎቶውን ለብቻ፣ ጽሑፉን ለብቻ ይልካሉ። ከዚያ አንዱ ፎቶዎቹን ብቻ ለአዲስ አበባ ዘመዱ ያስተላልፋል። ዘመድ የሚያየው ዋጋም ስልክም የሌለው ቤት ነው። ከላይ ያለው ጽሑፍ ከገደቡ በብዙ ያንሳል፤ ስልክ ቁጥር ቢጨመርበትም ከፎቶው ጋር አብሮ ይሄዳል። ቁጥሩን ፎቶው ላይ አይጻፉት። ሰው ነክቶ መደወል ሲችል ወረቀት ላይ እንዲገለብጥ አያስገድዱት።

ከመለጠፍዎ በፊት `Saved Messages` ውስጥ ለራስዎ ይላኩት። ከዚያ ቤት ውስጥ ትንሹን ስልክ የያዘው ሰው ጋ ይላኩና ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ስንት ነው? ካርታ አለው? ውሃ እንዴት ነው? አውራ ጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች እየተመላለሰ ከፈለገ፣ የፈለገው ነገር የተቀመጠበት ቦታ ትክክል አይደለም።

ዋጋ ሲቀንሱ በራስዎ ቻናል የለጠፉትን ፖስት ማረም ይችላሉ። አስቀድሞ በሌሎች የተላለፈው ቅጂ ግን አብሮ አይታረምም፤ በአሮጌው ዋጋ መዞሩን ይቀጥላል። ስለዚህ ከስልክ ቁጥሩ ሥር ዋጋው የወጣበትን ቀን ይጻፉ።