ጭሱን ጨምሩበት

ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ 14 የእንኳን አደረሳችሁ ቪዲዮዎች በስልኬ ገቡ። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንጂ ባሕር ማዶ አይደለም፤ ሆኖም ዘመድ አዝማዱ «ለልጆቹ የላክነው ነው፣ አንተም እየው» እያለ ስለሚያስተላልፍልኝ ከስደተኛው ወገኔ እኩል ስጽናና አመሸሁ። ሁሉም ጉም በለበሰ ተራራ ይጀምራሉ፤ ከሁሉም ኋላ ዋሽንት ይነፋል፤ በሁሉም ላይ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ «ከእናት አገራችሁ ርቃችሁ በባዕድ ምድር ለምትገኙ» ሲል ቀሪው መንገድ የት እንደሚያደርስ አንባቢ ከእኔ ባላነሰ ያውቀዋል። ስለዚህ እነዚህን ጽሑፎች ለሚደርሱልን ባለሙያዎች የሚገባቸውን ምስጋና ላቀርብ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

አስቀድሞ ቁጠባቸው ይመስገን። አንድ ደቂቃ ተኩል የሚረዝም ቪዲዮ፣ ቃሉን እንደ ጠበል ጠብታ በሚያንጠባጥበው በዚያ በተለመደው አነባበብ፣ ከ120 የማይበልጥ ቃል ይይዛል፤ ሰዓት ይዤ ቆጥሬዋለሁ። ከዚህ ውስጥ ሲሶው «እንኳን አደረሳችሁ» በልዩ ልዩ መልክ ነው፤ ሌላው ሲሶ ጭስ፣ ቄጠማ፣ ቡናና የእናት እጅ ነው፤ የቀረው ደግሞ ቪዲዮውን ለወዳጅ ማካፈልን ይመለከታል። የሚላክለት ሰው ስም የለም። ይህም የረሱት ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ስም የተጠራበት ጽሑፍ ለአንድ ቤት ብቻ ይሆናል፣ ስም የሌለው ግን ለገና ተጽፎ፣ «ልደት» የሚለው በ«ትንሣኤ» ተተክቶ፣ ለሃምሳ ቤተሰብ ይሸጣል። አንድ ጋቢ ለሃምሳ ሰው ማልበስ የቻለ ሸማኔ እስከ ዛሬ አላየንም።

ጥበባቸውን በቅርብ ያየሁት ግን በጎረቤቴ ቤት ነው። በእኛው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት እትዬ ተወልደው ያደጉት፣ ተድረው የወለዱትም አራት ኪሎ ነው፤ ወደዚህ የመጡት ሰፈራቸው ሲፈርስ ነው። አንድ ልጃቸው ሲያትል ከሄደ 11 ዓመት ሆኖታል። የእህታቸው ልጅ፣ ለአክስቷ ደስታ ብላ፣ «ሙሉ ፓኬጅ» የሚባለውን ከፍላ ባለሙያዎቹን አመጣች። ቪዲዮው ለፋሲካ እንዲደርስ ቀረጻው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በኒቆዲሞስ ሰሞን መሆን ነበረበት፤ ይህን ቀን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጽሑፉ የሚጀምረው «ልጄ ሆይ፣ የተወለድክባት ጎጆ ጭሷ ዛሬም ይጣራሃል» ብሎ ነው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «የቷ ጎጆ?» አሉ። ልጁ የተወለደው ሆስፒታል፣ ያደገው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። «ማዘር፣ እሱ ምሳሌ ነው» አለ ደራሲው፤ እርሱ ራሱ አዘጋጅም ነው። ምሳሌውን ለመቅረጽ ግን እውነተኛ ጎጆ ያስፈልግ ስለነበር ሁላችንም፣ እኔም ወንበር ያዥ ሆኜ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ወዳለው እርሻ ተጓዝን። የእርሻው ባለቤት ቤታቸውን ካቻምና በቆርቆሮ ከድነዋል። ሣር ክዳን የቀረው የጥጃው ማደሪያ ብቻ ነበር። ጥጃው ተፈቅዶለት ወጣ፤ እትዬ በተውሶ ሀበሻ ቀሚስ፣ በተውሶ ዱካ ላይ፣ በጥጃው ደጃፍ ተቀመጡ።

ጭስ ግን የለም። ጥጃ ምን እሳት ያነዳል? አንዱ ረዳት እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሰብስቦ ከጎጆው ኋላ ለኮሰ። ነፋሱ ደግሞ እንደ ተቀጠረ ሠራተኛ ጭሱን በቀጥታ ወደ እትዬ አመጣው። እርሳቸው ማሳል ጀመሩ፣ ዓይናቸው ቀላ፣ እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ወረደ፤ አዘጋጁ እጁን እያወናጨፈ «በጣም አሪፍ! ጭሱን ጨምሩበት!» ይል ጀመር። 14ቱን ቪዲዮዎች ሳይ ያ ሁሉ የእናት እንባ ከየት እንደሚመነጭ የገባኝ ያኔ ነው።

ቀጥሎ ዶሮ ወጥ መጣ፤ ማለትም አልመጣም። ጽሑፉ እናት የዶሮ ድስት እያማሰሉ እንቁላል በጭልፋ አውጥተው «ይህን ለአንተ አስቀምጬልሃለሁ» እንዲሉ ያዛል። ኒቆዲሞስ ደግሞ ከሁዳዴ 55 ቀናት መካከል ነው። እትዬ «በጾም የዶሮ ድስት አላማስልም፤ ለሥዕልም ቢሆን» ብለው ቁርጥ አደረጉ፣ አልተበገሩም። አዘጋጁ አልተደናገጠም። ምስር ወጥ በርበሬው ጠንከር ተደርጎ ተሠራ፤ አምስት ድንች ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በቢላ ጫፉ እየተሞለሞለ እንቁላል ሆነ። ከሩቅ ሲያዩት፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያሳስታል። ከቅርብ ግን ዶሮ ወጥ የበላ ሰው አይታለልም፤ ምክንያቱም የዶሮ ወጥ እንቁላል ቅመሙ እንዲገባው ጎኑ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ይደረጋል፣ ነጩም ሳይፈርስ ያብረቀርቃል፤ ድንች ግን መረቁን ጠጥቶ ይደበዝዛል፣ ጠርዙም ይረግፋል። እትዬ ጭልፋውን ሲያነሡ ድንቹ ለሁለት ተከፈለ። አስኳል የለውም። ጀንበር እያዘቀዘቀች ስለነበር «ይሁን፣ ዋሽንቱ ይሸፍነዋል» ተባለ።

ዋሽንት ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ አስኳል ግን አይሸፍንም። ልጁ ቪዲዮውን አይቶ የደወለው በማግሥቱ ነው። ድምፁ ተጨንቋል። «እማዬ፣ ኑሮ እዚህ ደርሷል እንዴ? እንቁላል እንኳ ጠፋ?» ቀጠለና ድስቱ ውስጥ ከ12ቱ ብልት አንድም እንዳላየ፣ እናቱም እንደ ከሱ፣ ዓይናቸውም እንደ ቀላ፣ ለመሆኑ ያ ቤት የማን እንደሆነና ከኮንዶሚኒየሙ መቼ እንደ ወጡ ጠየቀ። እርሳቸው ስለ ጥጃው ማስረዳት ቢጀምሩም ጉዳዩ ባሰበት እንጂ አልቀለለም። ከሰዓታት በኋላ 300 ዶላር ላከ። እነሆ፣ የማጽናኛ ቪዲዮ ማለት ይህ ነው፤ በሰላም የሚኖረውን ልጅ እናቱ ጥጃ ማደሪያ ገብታ ድንች ትበላለች ብሎ እንቅልፍ እስኪያጣ የሚያጽናና።

ጂኦግራፊያቸውም አይረሳ። ጽሑፉ ሲያትልን «የበረዶ አገር» ይላታል፤ ዝናብን የምታውቀውን ያህል በረዶ አታውቅም፣ ያውም በሚያዝያ። «እኛ ሌሊት ጾማችንን በምንፈታባት በዚህች ቅጽበት አንተም ከእንቅልፍህ ነቅተህ» የሚልም አለበት። በዚያ ሰሞን ሲያትል ከእኛ 10 ሰዓት ወደ ኋላ ነች። እኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስንፈታ እዚያ ገና ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ልጁም ከእንቅልፉ ሊነቃ ቀርቶ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ደግፎ ከወንበር እያነሣ ነበር። ሃምሳ ቤት በሚሸጥ ጽሑፍ ላይ ሰዓት ማስላት ከባድ መሆኑን እረዳለሁ።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅሁ ነው የጻፍሁት። በየቪዲዮው መጨረሻ ስለሚመጣው ባዶ ወንበር ግን መሳቅ አልችልም። ካሜራው ወደ ባዶው ወንበር ይጠጋል፤ ያ ወፍራም ድምፅ «ይህ ወንበር ያንተ ነው፤ ምን አስቀረህ?» ይላል። ምን እንዳስቀረው አታውቅምን? ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው አገሩ ደርሶ ቢመለስ ጉዳዩ ሊበላሽበት እንደሚችል አልሰማህምን? ያው ጽሑፍ «ህ»ው በ«ሽ» ብቻ ተቀይሮ ሪያድ ላለች የቤት ሠራተኛም ይላካል። ሪያድ ከእኛ ጋር በሰዓት አንድ ነች፤ እኛ በምንፈታባት ሌሊት ግን እርሷ ልጅ ስታባብል ታድራለች፣ ፓስፖርቷም በአሠሪዋ መሳቢያ ተቆልፎባታል፤ ስልኳን የምታየው መታጠቢያ ቤት ተደብቃ ነው። በዚያች በሰረቀቻት ሦስት ደቂቃ ውስጥ «ምን አስቀረሽ?» ብለህ ትጠይቃታለህ፤ ለዚህም ገንዘብ ትቀበላለህ። ይህ ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በዚያ ቀረጻ መካከል ካሜራ ማኑ ባትሪ ሲቀይር የእህታቸው ልጅ በራሷ ስልክ ትቀርጽ ነበር። እትዬ ጽሑፉን ጉልበታቸው ላይ ትተው፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያበሱ፣ ወደ ስልኩ ዘወር አሉና እንዲህ አሉ፦ «ጉልበትህን ሻለህ? ያ ቅባት ከጨረስክ ንገረኝ፣ ሰው ሲመጣ እልካለሁ። የላይኛው ፎቅ ሴትዮ ውሻ አሁንም ሌሊት ይጮኻል? ውኃ ማክሰኞ መጥታልናለች፣ በርሜሉ ሙሉ ነው፣ አታስብ። እነዚህ ልጆች ጥጃ ቤት አስቀምጠውኝ በጭስ ሊገድሉኝ ነው።» ከዚያ ሳቁ። ከኋላቸው ጥጃው ይታያል፣ ወደ ቤቱ ለመመለስ እየታገለ።

አዘጋጁ ይህን «ጥራት የለውም» ብሎ ጣለው። ልክ ነው፤ ዋሽንት የለውም፣ ብርሃኑም ከኋላ ነው። የእህታቸው ልጅ ግን ልጁ ስለ ድንቹ ተጨንቆ ሲደውል፣ ነገሩን ታረጋጋ ብላ በቴሌግራም ላከችለት። እንደ ነገረችኝ ከሆነ ልጁ ከዚያ ወዲህ ስለ ጎጆዋም ስለ ጭሷም አንድ ቃል አላነሣም። ስለ ጥጃው ግን በየሳምንቱ ይጠይቃል። ዋናውን ቪዲዮ አንድ ጊዜ አይቶታል፤ ይህችን ግን በሥራ ቦታው ከሽማግሌው ጋር ሳይቀር ተቀምጦ እንዳያት ጽፎላታል። ሽማግሌው አማርኛ አይሰሙም፤ እትዬ ሲስቁ ግን አብረው ስቀዋል አሉ።

ነገሩ አዘጋጁ ጆሮ ደረሰ። እውነተኛ ባለሙያ ከስሕተቱ ይማራል፤ የእርሱም ጽሑፍ ለእንቁጣጣሽ ታድሷል። ባለፈው ሳምንት አንድ ዘመዴ ለወንድሟ ልታሠራ ተዋውላ ጽሑፉን እንዳይላት ሰጥታኝ ነበር። ተራራው አለ፣ ጭሱም አለ፤ ከባዶው ወንበር በፊት ግን አዲስ መስመር በቅንፍ ገብቷል፦ «(እናት እዚህ ላይ ጽሑፉን የረሱ መስለው፣ ሳያስቡት እንደ መጣላቸው፣ ስለ ልጃቸው ጉልበት ይጠይቃሉ። ጉልበቱን የማያመው ከሆነ ወገቡን። ጥጃ ካለ ከኋላ ይለፍ፤ ለጥጃው ተጨማሪ ይከፈላል።)»