ሕንፃው ሳይሰበር የወደቀበት ከተማ

የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃ በጣለ ቁጥር ክርክሩ ሁሉ በሲሚንቶና በብረት ላይ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ሁለተኛ መሆን ነበረበት። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሕንፃው የቆመበት አፈር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 በጃፓን የኒጋታ ከተማ በመጠን 7.5 የሆነ መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ በካዋጊሺቾ ሰፈር የነበሩ ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ቤቶች አዘነበሉ፤ አንዱ እንዲያውም በጀርባው ሊተኛ ምንም አልቀረውም። የሚያስደንቀው፣ ግንባታቸው እምብዛም አለመጎዳቱ ነው። የከዳቸው ከሥራቸው የነበረው የሺናኖ ወንዝ አሸዋ ነበር።

አሸዋ የሚጸናው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጫጭነው ስለሚፋተጉ ነው። ጭነቱ ሲቀንስ ፍትጊያውም አብሮ ይቀንሳል። አምስት ሜትር ጥልቀት ላይ ያለች አንዲት ካሬ ሜትር እናስብ። ከላይዋ ያለው አፈር ከነውሃው 10 ቶን ያህል ይመዝናል። የከርሰ ምድር ውሃው ከገጽ አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ ከጀመረ፣ ከዚህ ውስጥ 4 ቶኑን ውሃው በራሱ ግፊት ይሸከማል፤ የቀረው 6 ቶን በቅንጣቶቹ ላይ ያርፋል።

አሁን መሬቱ ይናወጥ። ልል አሸዋ ሲነቀነቅ፣ በቁና ውስጥ እንዳለ እህል፣ መጠቅጠቅ ይፈልጋል። ለመጠቅጠቅ ግን በመካከሉ ያለው ውሃ መውጣት አለበት፤ በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ደግሞ መውጫ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ቅንጣቶቹ የተሸከሙት ጭነት በእያንዳንዱ ንቅናቄ ጥቂት በጥቂት ወደ ውሃው ይዛወራል። የውሃው ድርሻ ከ4 ወደ 10 ቶን ሲደርስ ለቅንጣቶቹ የሚቀር የለም፤ ፍትጊያው ይጠፋል፣ አሸዋውም እንደ ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል። ከባዱ ሕንፃ ይሰምጣል፤ ባዶ የተቀበረ ጋን ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ቆይቶ ውሃው አሸዋ እያስተፋ ከመሬት ሲፈልቅ የሚታዩት ትናንሽ የአሸዋ ጉብታዎች የነገሩ ምስክሮች ናቸው።

ጥቅጥቅ ያለ አሸዋ እንዲህ አይከዳም፤ ሲገፋ ቅንጣቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ለመውጣት መራራቅ ስላለባቸው የውሃው ግፊት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ጠጠርም ውሃውን ቶሎ ስለሚያሳልፍ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል።

ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል፤ የሚያስቆጨኝም ይኸው ነው። 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በአንድ ቱቦ ላይ እየተለቀቀ፣ ቱቦው ወደ መሬቱ 30 ሴንቲ ሜትር ለመግባት ስንት ምት እንደፈጀ ይቆጠራል። ውሃ በጠገበ አሸዋ ውስጥ ምቱ ከ10 በታች ከሆነ መሬቱ ልል ነው። ለጥልቀቱ ታርሞ ከ30 ካለፈ ስጋቱ ትንሽ ነው። በመካከል ያለው ከሚጠበቀው የመንቀጥቀጥ ኃይል ጋር ተነጻጽሮ ይሰላል። በወንዝ ዳርና በሙሌት መሬት ላይ ይህ ቁጥር ሳይቀርብ የግንባታ ፈቃድ መስጠት ስህተት ነው እላለሁ። በዚያው በኒጋታ፣ አሸዋው ከግንባታ በፊት በንዝረት የተጠቀጠቀላቸው የነዳጅ ታንኮች መንቀጥቀጡን ተቋቁመዋል።