ማኅተም በሌለበት አገር፦ ሲቪና ሊንክድኢን ሲጣሉ

«ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎ። ለውጭ ድርጅት አመልክቼ ‹ሲቪህና ሊንክድኢንህ ላይ ያለው የሥራ ዘመን አይገጥምም› ብለው መለሱኝ። ሁለቱም ላይ አንድም ውሸት የለም። ምኑ ነው የማይገጥመው?»

ከአገር ቤት የሚመጡ ሲቪዎች ላይ እንደዚህ ያለ ነገር ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። አንተም ያላየኸው አገር ቤት ስለማይጎዳህ ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ለሥራ ስታመለክት ሲቪው የላይ ሽፋን ነው። የሰው ኃይል ባለሙያው የሚያየው ከሥሩ የተያያዘውን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው፤ ማኅተሙን፣ ፊርማውን፣ የወጪ ቁጥሩን። ኮፒውን ከኦሪጅናሉ ጋር ያመሳክራል፣ በቃ። ሲቪው ላይ ዓመቱ ቢሳሳት እንኳ ደብዳቤው ያርመዋል።

ውጭ አገር ያ ማኅተም የለም። በመጀመሪያው ማጣሪያ ላይ ደብዳቤ የሚጠይቅህም የለም። አጣሪዋ ሲቪህን በአንድ በኩል፣ ሊንክድኢንህን በሌላ በኩል ከፍታ ጎን ለጎን ታያቸዋለች። አታውቅህም፣ የሠራህበትንም መሥሪያ ቤት አታውቀውም፣ ኮምቦልቻ የት እንዳለች ላታውቅ ትችላለች። በእጇ ያለው ብቸኛ ማመሳከሪያ አንተው ራስህ በሁለት ቦታ የጻፍከው ነው። ሁለቱ ከተጣሉ የትኛው እውነት እንደሆነ ለመመርመር ጊዜ የላትም፤ ወደሚቀጥለው አመልካች ታልፋለች። አንተ መልስ ማግኘትህ ራሱ ዕድል ነው፤ አብዛኛው ሰው ለምን እንደቀረ ሳያውቅ ይቀራል።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። ሰውየው በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ግቢ ተምሮ በሰኔ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ እንበል። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ከጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በጀማሪ የጥራት ተቆጣጣሪነት አገልግለዋል»። ሊንክድኢኑን የከፈተው ተማሪ ሳለ በስልኩ ነው፤ ሥራ ሲይዝ ደብዳቤው ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ አስገባበት፦ `Oct 2010 – Jun 2012`። ሲቪውን ግን ፒያሳ ያለ ኮምፒውተር ቤት አስጻፈው። ጸሐፊዋ ለውጭ እንደሆነ ስለነገራት ወደ ፈረንጅ ቀየረችለት፤ የቀየረችው ግን ሁሉም ላይ ስምንት በመደመር ነው፦ `Oct 2018 – Jul 2020`። ትክክለኛው `Oct 2017 – Jul 2020` ነበር።

አሁን አጣሪዋ የምታየውን አስብ። ፕሮፋይሉ ላይ ሰውየው በ2010 ሥራ ጀምሯል፤ ሲቪው ላይ በ2018። ፕሮፋይሉ ላይ የተመረቀበት ዓመት በፈረንጅ 2017 ከሆነ፣ ዲግሪውን ከማግኘቱ ሰባት ዓመት በፊት የጥራት ተቆጣጣሪ ነበር ማለት ነው። የአገልግሎቱም ርዝመት ሁለቱም ላይ ከእውነቱ አጥሯል፤ ሊንክድኢን ከወርና ከዓመቱ ተነሥቶ ርዝመቱን ራሱ አስልቶ ከጎኑ ይጽፋልና አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ብቻ ሆኖ ይታያል። በእውነት የሠራው ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ነው። የጸሐፊዋ ስሌት አንድ ሙሉ ዓመት በላበት፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት ልምድ ለሚጠይቅ ማስታወቂያ ከመመዘኛው በታች ወረደ። ሰውየው ማንንም አላታለለም፤ ይልቁንም የራሱን ልምድ ቀንሶ አቀረበ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ቀኑ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ውስጥ ከሆነ ሰባት ትደምራለህ። ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ከሆነ ስምንት። ታኅሣሥ 23 የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 የሚውልበት ቀን ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት በኋላ ባለው ዓመት ብቻ በአንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። ስለዚህ የመነሻው ጥቅምት 2010 ሰባት ተደምሮበት 2017 ይሆናል፣ የመድረሻው ሰኔ 2012 ስምንት ተደምሮበት 2020 ይሆናል። በአንድ መስመር ላይ ሁለት የተለያየ ቁጥር መደመር ነው ሰዉን የሚያሳስተው። እንዲህ ባለ መስመር ላይ ሰባትን ብቻ ወይም ስምንትን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው አንዱን ጫፍ ይስታል።

ወሩም የራሱ ወጥመድ አለው። ሰኔ ጁን ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ ሰኔ 30 ግን ጁላይ 7 ነው። በጀቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር እኛ አገር ብዙ ውል ሰኔ 30 አልቆ ሐምሌ 1 ይቀጥላል፤ ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ነው። ስለዚህ የፊተኛው ሥራ `Jul 2020` ላይ ያበቃል፣ የኋለኛው በዚያው `Jul 2020` ይጀምራል። አንዱ ቦታ ላይ ጁን፣ ሌላው ቦታ ላይ ጁላይ ማለት ለብቻው ሰው አይጥልም፤ ግን ለምን ይተዋል? ሌላም ላንሣ፦ ከዓመቱ ኋላ የምንጽፋት `G.C.` እኛ ጋ ብቻ ያለች ልማድ ናት። ውጭ ያለ ሰው ምን ማለት እንደሆነች አያውቅም። ሲቪው ለውጭ ከሆነ ሁሉንም በፈረንጅ አድርግና ምልክቷን ተዋት።

ሁለተኛው የጠብ ምንጭ የሥራ መደቡ መጠሪያ ነው፤ እዚህም ጥፋቱ የትርጉም ነው። አገር ቤት «ባለሙያ» የማይባል ሠራተኛ የለም ማለት ይቻላል። ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር አንዱ `Expert` ይለዋል፣ አንዱ `Officer`፣ አንዱ `Specialist`። `Expert` ውጭ አገር በዘርፉ የታወቀ ሊቅ ማለት ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሁለት ዓመት የሠራ ልጅ ራሱን እንዲያ ሲጠራ አንባቢዋ ቅንድቧን ታነሣለች። «ኃላፊ»ም እንደዚሁ አንዱ ጋ `Head`፣ ሌላው ጋ `Manager`፣ ሌላው ጋ `Supervisor` ሆኖ ይገኛል። ከላይ ባየነው ምሳሌ ደብዳቤው «ጀማሪ የጥራት ተቆጣጣሪ» ነው የሚለው። ሲቪው `Junior Quality Controller` ብሎ ፕሮፋይሉ `Quality Manager` ካለ፣ የቀኑ ልዩነት ስህተት ሊባል ይችላል፤ ይሄ ግን ማጋነን ነው የሚባለው። መሥሪያ ቤቱ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ከሰጠህ እዚያ ላይ ያለውን መጠሪያ ፊደል ሳትለውጥ በሁለቱም ቦታ ጻፍ። ካልሰጠህ አንድ ትርጉም ምረጥና እሱን አትልቀቅ። የሠራኸው ሥራ ከመጠሪያው የሰፋ ከሆነ ስፋቱን ከሥሩ ባለው ዝርዝር ውስጥ አሳየው፤ ስንት መስመር ትቆጣጠር እንደነበር፣ በቀን ስንት ናሙና ታይ እንደነበር ጻፍ።

ስምም አለ። በወሎ ስም ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ለምሳሌ ሰይድ እንድሪስ ይማም የሚባል ሰው ሲቪው ላይ `Seid Endris`፣ ፕሮፋይሉ ላይ `Said Yimam` ሊሆን ይችላል፤ የአባቱን ስም አንዱ ቦታ ትቶ የአያቱን ወስዷል፣ የራሱንም ፊደል ቀይሯል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ፈላጊዋ ግን ሲቪው ላይ ያለውን ስም ሊንክድኢን ላይ ጽፋ ስትፈልግ ሌላ ሰይድ ይመጣላታል። ፓስፖርትህ ላይ ያለውን አጻጻፍ ያዝ፣ ሲቪው ራስ ላይም የፕሮፋይልህን አድራሻ አስቀምጥ፤ ያኔ መፈለግም አይጠበቅባትም።

እንግዲህ እንዴት ይስተካከላል? ሲቪውን ከፕሮፋይሉ ወይም ፕሮፋይሉን ከሲቪው አትገልብጥ፤ ሁለቱም የተሳሳቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ደብዳቤዎችህን አውጣ። የጠፋ ካለ መሥሪያ ቤቱን ጠይቅ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ከዚያ በአንድ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ መስመር አስምር፦ ቀኑ በእኛ፣ ቀኑ በፈረንጅ፣ መጠሪያው በእንግሊዝኛ፣ የድርጅቱ ስም ደብዳቤው ላይ እንዳለ። ሲቪውንም ፕሮፋይሉንም ከዚያች ወረቀት ሙላ። ድርጅቶቹ የራሳቸውን የማመልከቻ ቅጽ ሲያስሞሉህም እሷኑ ተጠቀም፤ ቅጹ ሦስተኛ ምስክር ሆኖ ይቆጠራልና።

ፕሮፋይሉን ከመንካትህ በፊት ለውጡ ለምታውቃቸው ሁሉ እንዳይታወጅ የማሳወቂያውን ማብሪያ አጥፋ፤ አለበለዚያ ያረጀ ቀን ስታርም «እንኳን ደስ አለህ» ይዘንብብሃል። የድርጅቱን ስም ስትጽፍ ከሥር የሚዘረዘሩትን አስተውለህ ምረጥ፤ ተመሳሳይ ስም ያለው የሌላ አገር ኩባንያ ዓርማ ከሥራህ ጎን ሊለጠፍ ይችላል። ስትጨርስ በኮምፒውተር ገብተህ `Save to PDF` የሚለውን ተጫን፣ የወጣውን ከሲቪው ጋር አትም፣ ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ። አንድ ጓደኛህ አንዱን ጮክ ብሎ ያንብብልህ፣ አንተ ሌላውን በጣትህ ተከተል። ዓይን ብቻውን የለመደውን ስህተት ይዘለዋል።

መገጣጠም ማለት ግን አንድ ዓይነት መሆን አይደለም። ሲቪውን ለማስታወቂያው ብለህ ብታሳጥር፣ ተማሪ ሳለህ የሠራኸውን ትርፍ ሥራ ብታወጣ፣ ፕሮፋይሉ ደግሞ ሁሉንም ቢይዝ ማንም አይከፋውም። አንዱ ላይ መኖሩ ሌላው ላይ መቅረቱ ችግር የለውም፤ ሁለቱም ላይ ያለው ነገር መለያየቱ ነው የሚጥለው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሥራው የቆመበት ብዙ ሰው ነው፤ ያንን ክፍተት አንዱ ሸፍኖ ሌላው ከፍቶ ይጽፈዋል። ደብዳቤህ አገልግሎቱን ሳያቋርጥ ከቆጠረው ሁለቱም ቦታ ሳታቋርጥ ጻፍ። ተሰናብተህ እንደገና ተቀጥረህ ከሆነ ሁለቱም ቦታ ሁለት መስመር ይሁን።

አንድ ነገር ቀረ፤ በድሮ ስልክ ቁጥር ወይም በተረሳ ኢሜይል የከፈትከው ሌላ ፕሮፋይል እንዳለ ስምህን ጽፈህ ፈልግ። ካለ ገብተህ `Close account` አድርገው፤ አሁን የምታርመውን ሳይሆን ያንን ከፍተው ሊሆን ይችላል። ለመለሱልህ ሰዎች ደግሞ ዛሬውኑ በሦስት መስመር ጻፍላቸው፦ ፕሮፋይሉ ላይ የነበረው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደነበር፣ ኢትዮጵያ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የሚለይ የራሷ አቆጣጠር እንዳላት፣ ሁለቱንም እንዳረምክና የአሠሪህን ደብዳቤ እንዳያያዝክ። የደብዳቤውን ስካን ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር አያይዘው።