እርማት፦ የወጣ የወገብ ዲስክ የሚጫነው ኤል5 ነርቭን ነው
«በኤል4 እና ኤል5 የወገብ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ከወጣ የሚጎዳው ኤል4 ነርቭ ነው አይደል? ኤምአርአይስ ዛሬውኑ ልነሳ?»

አይደለም፣ ብዙ ጊዜ የሚጫነው ኤል5ን ነው። ኤል4 ነርቭ ከዲስኩ በላይ ከአከርካሪው ቀድሞ ወጥቷል፤ ዲስኩ በብዛት የሚወጣው ከመሃል ትንሽ ወደ ጎን ስለሆነ፣ ወደ ታች የሚያልፈውን ኤል5ን ያገኘዋል። ኤል4 የሚነካው ዲስኩ ወደ ዳር ርቆ ሲወጣ ነው። ኤል5 ሲጫን የእግርን አውራ ጣት ወደ ላይ ማንሳት ያቅታል፣ የእግር ጀርባ ይደነዝዛል፣ በተረከዝ መራመድ ይከብዳል፤ ጉልበት በመዶሻ ሲመታ ግን እንደወትሮው ይዘላል።

ኤምአርአዩ ለአብዛኛው ሰው ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ሽንት አልወጣ ካለ፣ ሰገራ ካመለጠ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም እግር እየደከመ ከሄደ ግን፣ ሕመሙ ቀለል ቢልም እንኳ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።